ቀዩ አፈር የሚቆመው እስኪዘንብ ነው

ዛሬ የምናገረው ለሕንፃ መሠረት ስለሚቆፈር ጥልቅ ቦይ ነው። ሰው ወርዶ የሚሠራበት፣ ከራሱ በላይ አፈር ቆሞ የሚያይበት ቦይ። ለምሳሌ የምወስደው እዚሁ ካምፓላ ያለውን ቡኮቶን ነው። ከኪራ መንገድ ተነስታችሁ በቡኮቶ ሽቅብ ወደ ኪሳሲ ስትሄዱ ሰፈሩ እንዴት እየተለወጠ እንደሆነ ታያላችሁ። ሰፊ ግቢ የነበረው አሮጌ ቪላ ይፈርስና በቦታው ባለ አራት፣ ባለ አምስት ፎቅ አፓርታማ ይነሳል። ቦታው ተዳፋት ነው፤ ስለዚህ ከላይ በኩል ያለው ቁፋሮ የግድ ይጠልቃል። የጎረቤት አጥር ደግሞ ሁልጊዜ ቅርብ ነው።

ኮረብታው ላይ ያለው አፈር ቀይ ነው። የአገሬው ሰው ከሥሩ የሚገኘውን ጠጠራም ክፍል ሙረም ይለዋል። ይህ ቀይ አፈር ለቆፋሪ ደስ ይላል። በዶማ ሲቆረጥ ልክ እንደተቆረጠ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ የዶማው አሻራ ሳይቀር ግድግዳው ላይ ይነበባል። ሁለት ሜትር ተኩል ተቆፍሮ ምንም ሳይፈርስ ሳምንት ሲያድር ያየ ፎርማን «ይኸ አፈር ድጋፍ አይፈልግም» ቢል አልፈርድበትም። ዓይኑ ያየውን ነው የተናገረው። ዛሬ ልነግራችሁ የመጣሁት ግን ዓይን ያየው ለምን እንደማይበቃ ነው።

አፈር ቀጥ ብሎ የሚቆመው ቅንጣቶቹ እርስ በርስ ስለሚያያዙ ነው። ከዚህ መያያዝ ከፊሉ የአፈሩ የራሱ ነው። ብዙው ክፍል ግን በቅንጣቶቹ መካከል ካለችው ጥቂት እርጥበት ይመጣል፤ በትንሽ ውኃ የራሰ አሸዋ ቅርጽ ይዞ እንደሚቆመው ማለት ነው። እርጥበቱ ሲበዛ ይህ ኃይል ይጠፋል። የመሐንዲሶች ስሌት እዚህ ላይ ቀላል ነው፦ አንድ ቀጥ ያለ የአፈር ግድግዳ ያለ ድጋፍ ሊቆም የሚችልበት ከፍታ ከመያያዝ ኃይሉ ጋር እኩል ይወጣል፣ እኩል ይወርዳል። ደረቅ ሆኖ አራት ሜትር ያህል መቆም የሚችል አፈር ውኃ ጠጥቶ የመያያዝ ኃይሉ ወደ ሩብ ከወረደ፣ መቆም የሚችለው አንድ ሜትር ብቻ ነው። ቦዩ ግን አሁንም ሁለት ሜትር ተኩል ነው። በትላንቱና በዛሬው መካከል የተለወጠው አንድ የከሰዓት ዝናብ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ከአገር ቤት ይዘነው የመጣነው ልማድ ያሳስተናል። አዲስ አበባ ላይ ግንበኛው ክረምቱን ያውቀዋል፤ ሰኔ ከመግባቱ በፊት መሠረቱን ለማውጣት ይጣደፋል፣ ካልደረሰ መስከረም እስኪጠባ ይተወዋል። ካምፓላ ዝናቡ በዓመት ሁለት ጊዜ ይበረታል፤ አንዱ ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ ሌላው ከመስከረም ገደማ ጀምሮ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ነው። በመካከል ባሉት ወራትም ቢሆን ጠዋት ፍንትው ብሎ የወጣ ፀሐይ ከሰዓት በኋላ በዶፍ ሊተካ ይችላል። «በበጋ ነው የምንቆፍረው» የሚለው ዋስትና እዚህ አይሠራም። አፈሩም ቢሆን ይለያል። በአዲስ አበባ ብዙ ሰፈሮች የሚገኘው ጥቁር ዋልካ ሲደርቅ ራሱ ስለሚሰነጠቅ ያስጠነቅቃል፤ ቆፋሪው ስንጥቁን አይቶ ይፈራዋል። ቀዩ አፈር ግን ፊቱ ለስላሳና ሙሉ ነው። እኔ ከሁለቱ ይበልጥ የምፈራው ይህንኑ ነው።

አፈር ሲወድቅ ምን ያህል እንደሚከብድ ብዙ ሰው አይገምትም። አንድ ሜትር ኩብ አፈር ወደ 1.8 ቶን ይመዝናል፤ ሁለት ቪትዝ መኪና ልትሉት ትችላላችሁ። ከቦይ ግድግዳ የሚገነጠለው ቁራጭ ደግሞ አንድ ሜትር ኩብ ብቻ ሆኖ አያበቃም። ሰው እስከ ደረቱ ከተቀበረ፣ ፊቱ ከአፈር ውጭ ሆኖ እንኳ ሊሞት ይችላል። ትንፋሽ ሲያወጣ ደረቱ ይጠብና አፈሩ ክፍተቱን ይሞላዋል፤ ቀጥሎ አየር ሊስብ ሲል ደረቱን የሚያሰፋበት ቦታ አያገኝም። «ቦዩ ጠባብ ስለሆነ ብዙ አፈር አይገባበትም» ሲባል እሰማለሁ። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው፤ በጠባብ ቦይ ውስጥ የሚሸሽበት ቦታ የለም።

ይህ በካምፓላ የሆነ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ናካሴሮ ላይ፣ በሉሙምባ ጎዳና፣ የብሔራዊ ማኅበራዊ ዋስትና ፈንድ ትልቅ ሕንፃ ሊያሠራበት በነበረው ቦታ የመሠረት ቁፋሮው ተንዶ ሠራተኞች ከነሕይወታቸው ተቀብረዋል። ያ ትልቅ ፕሮጀክት ነበር፤ ተቋራጭም መሐንዲስም ያለው። በየሰፈሩ ውስጥ በጥቂት የቀን ሠራተኞች፣ እዚህ ፖርተር በሚሏቸው ልጆች ጉልበት የሚቆፈረው ቦይ ግን ይህን ያህል እንኳ የሚያየው ሰው የለውም።

አሁን አንድ ቦታ ወስደን አብረን እንሥራ። ቦታው በካምፓላ የተለመደው፣ ሃምሳ በመቶ ጫማ የሚባለው ይሁን፤ በሜትር 15 በ30 ገደማ ማለት ነው። በላይኛው ጠርዝ፣ ከጎረቤት አጥር አጠገብ፣ ለመደገፊያ ግንብ የሚሆን ቦይ ይቆፈራል። ጥልቀቱ 2.5 ሜትር፣ ስፋቱ 80 ሳንቲ ሜትር፣ ርዝመቱ 10 ሜትር ነው።

የመጀመሪያው ጥያቄ አፈሩን የት እናደርገዋለን የሚለው ነው። ብዙ ጊዜ ይህን ጥያቄ የሚመልሰው አካፋ የያዘው ልጅ ነው፤ እሱ ደግሞ ለክንዱ የሚቀርበውን ይመርጣል፤ ጠርዙ ላይ ይጥለዋል። ከአንድ ሜትር ቦይ የሚወጣው ሁለት ሜትር ኩብ ነው። ተቆፍሮ ሲላቀቅ ግን ያብጣል፤ ወደ 2.6 ሜትር ኩብ ይሆናል። ይህ አፈር በራሱ ተዳፋት ሲከመር ወርዱ አራት ሜትር የሚጠጋ፣ ቁመቱ ከአንድ ሜትር ከሠላሳ የሚበልጥ ክምር ይወጣዋል። በአንድ ሜትር ርዝመት 3.6 ቶን፣ በአሥር ሜትር 36 ቶን። አሁን ይህን ክምር አሥራ አምስት ሜትር ወርድ ባለው ቦታ ላይ፣ አሸዋውም ብሎኬቱም ብረቱም በተቀመጠበት፣ አስቡት።

በዓለም ላይ ብዙ የሚጠቀሰው የአሜሪካ የሥራ ደኅንነት ደንብ የወጣው አፈር ከጠርዙ ቢያንስ 60 ሳንቲ ሜትር እንዲርቅ ያዛል። ይህ ልክ ትክክል ነው፤ ግን ምን እንደሚከላከል ማወቅ ያስፈልጋል። ስድሳ ሳንቲ ሜትር የሚከላከለው ከክምሩ እየተንከባለለ በሰው ራስ ላይ የሚወርደውን ጓልና ድንጋይ ነው። የክምሩን ክብደት ግን አያስቀረውም። ከቦዩ ግርጌ ተነስታችሁ በ45 ዲግሪ ወደ ላይ መስመር ብትስቡ መስመሩ ከጠርዙ 2.5 ሜትር ርቆ መሬቱ ላይ ይወጣል። ከዚያ መስመር ወዲህ የተቀመጠ ሸክም ሁሉ ግድግዳውን ወደ ቦዩ ይገፋል። ስለዚህ እኔ የምለው ይህ ነው፦ ቦታ ካለ ክምሩን የቦዩን ጥልቀት ያህል አርቁት። ቦታ ከሌለ ደግሞ፣ ቡኮቶ ላይ እንደሚሆነው፣ በካሪዮላ አውጥታችሁ ወዲያው በመኪና አስጭኑት። ለመልሶ ሙሌት የሚበቃውን ብቻ ታች ባለው የቦታው ክፍል አስቀሩ። የማጓጓዣው ሒሳብ ከመጀመሪያው በዋጋ ዝርዝሩ ውስጥ ካልገባ አፈሩ ጠርዙ ላይ እንደሚቀር እርግጠኛ ሁኑ።

ይኸው ለብሎኬት፣ ለአሸዋ፣ ለታሰረ ብረት ይሠራል። ከሁሉ የሚያስፈራኝ ግን ወደ ኋላ እየሄደ ጠጠር የሚያራግፍ ገልባጭ መኪና ነው። ሾፌሩ ጠርዙን አያየውም፤ ሸክሙ ሁሉ ደግሞ በኋላ እግሩ ላይ ነው። ከቦዩ ርቆ መሬት ላይ የተቸነከረ ወፍራም ግንድ፣ ጎማው ነክቶት የሚቆምበት፣ ከማንኛውም ጩኸት ይሻላል።

ወደ ድጋፉ እንምጣ። ከድጋፍ በፊት ያለው አማራጭ ግድግዳውን ማጋደል ነው። አንድ ሜትር ሲጠልቅ አንድ ሜትር ወደ ውጭ ብናጋድለው ቦያችን አናቱ ላይ ወደ ስድስት ሜትር ይሰፋል። ገጠር ውስጥ ይህ ከሁሉ የሚቀለው መፍትሔ ነው። እዚህ ግን የጎረቤቱ አጥር አንድ ሜትር ርቀት ላይ ቆሟል፤ መሠረቱም ከ60 ሳንቲ ሜትር አይጠልቅም እንበል። ያ አጥር ቀደም ብለን ከሳብነው የ45 ዲግሪ መስመር ውስጥ ነው፤ ማለትም እያወቅነውም ሳናውቀውም ቦያችንን እየገፋ ነው። ማጋደል አይቻልም። መደገፍ የግድ ነው።

የአፈሩ ግፊት ምን ያህል ነው? ለደረቅና መካከለኛ አፈር፣ መያያዙን ሳንቆጥር፣ 2.5 ሜትር ጥልቀት ያለው ግድግዳ በአንድ ሜትር ርዝመት ወደ ሁለት ቶን ይገፋል። ያ የአፈር ክምር ጠርዙ ላይ ቢኖር ግማሽ ያህል ይጨመርበታል። ከግድግዳው ጀርባ ውኃ እስከ አፍ ከሞላ ደግሞ ወደ አራት ቶን ይደርሳል፤ አብዛኛው የውኃው የራሱ ግፊት ነው። እነዚህን ቁጥሮች የምነግራችሁ እንድትሸመድዱ አይደለም። ሁለት አጣና ጣል አድርጎ «ደግፈናል» ማለት ለምን እንደማይበቃ እንድታዩ ነው።

የእንጨት ድጋፍ አሠራሩ የጭቃ ቤት ለሠራ ሰው እንግዳ አይደለም። በሁለቱም ግድግዳ ላይ አምስት ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያላቸው ጣውላዎች ቀጥ ብለው ይቆማሉ። በእነሱ ላይ በአግድም ወፍራም ማገር ይሄዳል። ከአንዱ ግድግዳ ማገር ወደ ሌላው ደግሞ ወጋግራው በቦዩ ስፋት ተቆርጦ ይወጠራል፤ በሽብልቅ ተመትቶ ይጠብቃል። ለእኛ ቦይ ማገሩ በየአንድ ሜትሩ ጥልቀት፣ ወጋግራው በየሜትር ተኩሉ ርዝመት ቢሆን ለመነሻ ይበቃል፤ የመጨረሻውን ልክ የሚሰጠው አፈሩን ያየ መሐንዲስ ነው። ባህር ዛፍ ኡጋንዳም እንደ አገራችን በየቦታው ስለሚሸጥ ወጋግራ የሚሆን አጣና አይጠፋም። ጠማማውን፣ የተሰነጠቀውንና ከጣሪያ ሥራ የተረፈውን ቀጭኑን ግን መልሱት። ጣውላው ከመሬቱ በላይ ሠላሳ ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይበል፤ በእግር የተመታ ድንጋይ እንኳ ወደ ውስጥ እንዳይወርድ።

ጣውላው ከኋላው አፈሩን መንካት አለበት። ክፍተት ካለ በአፈር ይሞላ። ብዙ ጊዜ የማየው ስሕተት ይህ ነው፦ ግድግዳው ወጣ ገባ ሆኖ ተቆፍሯል፣ ጣውላው አንድ ሁለት ቦታ ላይ ብቻ ነክቶ ቆሟል፣ ከጀርባው እጅ የሚያስገባ ክፍተት አለ። አፈሩ መጀመሪያ ወደዚያ ክፍተት ይንቀሳቀሳል፤ ከተንቀሳቀሰ በኋላ ደግሞ የሚያቆመው ከባድ ነው። ድጋፍ ጥሩ ሆነ የሚባለው አፈሩ መንቀሳቀስ ሳይጀምር ሲይዘው ነው።

ቅደም ተከተሉ ከእንጨቱ ውፍረት አይተናነስም። ቦዩን እስከ ታች ቆፍሮ ጨርሶ «አሁን እንደግፈው» ማለት፣ ደጋፊውን ልጅ ወደ ወጥመዱ መላክ ነው። አንድ ሜትር ይቆፈራል፤ የላይኛው ማገርና ወጋግራ ይገባል። ከዚያ በተደገፈው ውስጥ ሆኖ ቀጣዩ ሜትር ይቆፈራል፤ ጣውላው በመዶሻ ወደ ታች ይከተላል፤ ሁለተኛው ረድፍ ይወጠራል። ከላይ ወደ ታች፣ ደረጃ በደረጃ። አሥሩን ሜትር በአንድ ጊዜ መክፈትም አያስፈልግም፤ አጥሩ ቅርብ በሆነበት ሜትር ከሃያ፣ ሜትር ተኩል እየተቆረጠ አንዱ ክፍል ተቆፍሮ፣ ተገንብቶ፣ ተሞልቶ ሲያበቃ የሚቀጥለው ቢከፈት አጥሩም ሰውም ይተርፋል። ሥራው ይዘገያል፤ ባለቤቱ ያጉረመርማል። ያጉረምርም።

መሰላል መኖር አለበት፤ በወጋግራው ላይ እየተንጠላጠሉ መውጣትና መውረድ ሽብልቁን ያላላዋል። መሰላሉ ከጠርዙ በላይ አንድ ሜትር ያህል ይውጣና ይታሰር። ማንም ሰው ከቆመበት ከሰባት ሜትር በላይ ሳይሄድ የሚደርስበት ይሁን። ለእኛ አሥር ሜትር ቦይ መካከል ላይ አንድ ይበቃል፤ ጫፍ ላይ ከተደረገ ግን ሁለት ያስፈልጋል።

ውኃን በተመለከተ ሰው የሚያስበው ስለ ዝናብ ብቻ ነው። ቡኮቶ ላይ ግን ብዙ ግቢ የፍሳሽ ታንከርና የመስመጫ ጉድጓድ አለው። የጎረቤቱ መስመጫ ከአጥሩ ወዲያ ካለ፣ ሰማዩ ጠርቶ እያለ አፈራችሁ ከውስጥ እየራሰ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከመቆፈራችሁ በፊት አጥሩን አንኳኩታችሁ «መስመጫችሁ የት ነው? የውኃ መስመራችሁስ በየት ያልፋል?» ብላችሁ ጠይቁ። ለዝናቡ ደግሞ ከላይ በኩል ትንሽ የውኃ መውረጃ አውጡለት፤ ከጠርዙ ከፍ ብሎ ውኃውን ይዞ ወደ ጎን የሚመልስ። ቦዩ ከተዳፋቱ ግርጌ፣ ወደ ካምዎኪያ ረግረግ በሚወርደው በኩል ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። እዚያ አፈሩ ግራጫ ጭቃ ነው፤ ውኃው ከታች ይመጣል። ያ ፓምፕና ሌላ ዓይነት ድጋፍ ይፈልጋል፤ ዛሬ አልገባበትም።

አፈሩ ከመውደቁ በፊት ብዙ ጊዜ ይናገራል። ጠዋት ሰው ከመውረዱ በፊት፣ ከዝናብ በኋላም እንደገና፣ ኃላፊነቱ የተሰጠው አንድ ሰው ዙሪያውን ይሂድ። መጀመሪያ ማየት ያለበት ቦዩን ሳይሆን የላይኛውን መሬት ነው። ከጠርዙ የቦዩን ጥልቀት ግማሽ ያህል ወይም ከዚያ በላይ ርቆ፣ ለእኛ ከአንድ ሜትር ከሩብ እስከ ሁለት ሜትር ባለው ውስጥ፣ ከቦዩ ጎን ለጎን የሚሄድ ቀጭን ስንጥቅ ካለ ከስንጥቁ ወዲህ ያለው አፈር ለመውረድ ተነስቷል ማለት ነው። ስንጥቁን በአፈር ደፍኖ ማለፍ ማስጠንቀቂያውን መደበቅ ነው። በሁለቱ ወገኖቹ ችካል ተክላችሁ በመካከላቸው ያለውን ልክ ጻፉ፤ ከሰዓት በኋላ ሰፍቶ ካገኛችሁት ማንም አይውረድ። ከዚያ ወደ ውስጥ ይመልከት፦ ግርጌው ሆዱን ነፍቷል? ፍርፋሪ ሳይነኩት እየወረደ ነው? ትላንት ደረቅ የነበረው ቦታ ዛሬ ያልባል? ሽብልቅ ላልቷል ወይስ እንጨቱ ይጮኻል? አንዱ ከታየ መልሱ ሰውን ማውጣት ነው፤ መከራከር ከዚያ በኋላ ይደረጋል።

አፈሩን በእጅ መፈተንም ይቻላል። አሁን ከወጣው ጓል አንዱን አንሱና በአውራ ጣታችሁ ግፉት። ጣታችሁ በብዙ ጉልበት ጥቂት ብቻ አሻራ ከተወ ጠንካራ ነው። እስከ አንጓችሁ በቀላሉ ከገባ ልል ነውና ቀጥ ብሎ መቆሙን አትመኑት። አንድ ጊዜ ተቆፍሮ የተሞላ መሬት፣ ለምሳሌ የድሮው ቪላ ጉድጓድ ወይም የውኃ መስመር የተቀበረበት፣ በጣት ቢፈተን ጠንካራ ቢመስልም እንኳ እንደ ልል ይቆጠር።

ክፉው ቢሆንስ? የመጀመሪያው ነገር ሌላ ሰው እንዳይዘል መከልከል ነው። ጓደኛው ሲቀበር ያየ ልጅ ሳያስብ ይወርዳል፤ የመጀመሪያው ናዳ የተወው ግድግዳ ደግሞ ድጋፍ አጥቶ ቆሟልና ሁለተኛው ይከተላል። ሞተሮችን አጥፉ፤ ከጠርዙ ሰውን አርቁ፤ 999 ወይም 112 ደውሉ። አዲስ አበባ ለሆናችሁ የእሳትና አደጋ ስልክ 939 ነው። በኤክስካቫተር አካፋ ሰው አይፈለግም። ፊቱ የሚታይ ከሆነ፣ ሁለቱ ጎኖች በጣውላና በወጋግራ ከተያዙ በኋላ፣ ከራሱ ወደ ደረቱ በእጅና በአጭር አካፋ ይከፈት። ረዥም ጊዜ ተጭኖበት የቆየ ሰው ሲወጣ ደህና ቢመስልም ሐኪም ሳያየው ወደ ቤቱ አይላክ፤ የተደቆሰው ጡንቻ የሚለቀው መርዝ ሰዓታት ቆይቶ ኩላሊትንና ልብን ሊጎዳ ይችላል።

የቀረኝ ድጋፉን የማንሳት ነገር ነው። ግንቡ ካለቀ በኋላ ሁሉም ሰው ተዝናንቷል፤ እንጨቱም ለሌላ ሥራ ይፈለጋል። ስለዚህ አንዱ ይወርድና ወጋግራውን ከላይ ጀምሮ እየመታ ያወጣል። ትክክለኛው መንገድ የመትከሉ ተቃራኒ ነው። መጀመሪያ ከታች ሃያ ሳንቲ ሜትር፣ ሠላሳ ሳንቲ ሜትር እየተደረገ አፈር ይሞላና ይጠቀጠቃል። ሙሌቱ የታችኛው ወጋግራ አጠገብ ሲደርስ ያ ወጋግራ ብቻ ይላላና ይወጣል። ከዚያ እንደገና ሙሌት፣ እንደገና ጥቅጠቃ፣ ቀጥሎ የመካከለኛው። ጣውላው ሙሌቱ ከፍ ባለ ቁጥር ከላይ ሆኖ በገመድ ይሳባል። አልወጣ ያለ ጣውላ ካለ፣ በተለይ በአጥሩ በኩል፣ እዚያው ይቀበር።